«ሌባ ነህ» የሚለውን አውጥተን ቀኑን እናስገባ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። አነስተኛ ምግብ ቤት ልከፍት ነው። ለአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት መስከረም 20 ቀን 40 ወንበርና 10 ጠረጴዛ አዘዝኩ። ወንበሩ በ5,000፣ ጠረጴዛው በ12,000 ብር ነው። ግማሹን፣ 160,000 ብር፣ በዕለቱ ከፍያለሁ። ጥቅምት 20 ሊያስረክበኝ ነበር። ዛሬ ኅዳር 5 ነው፤ የመጣልኝ ጥቅምት 27 ቀን የደረሰኝ 16 ወንበር ብቻ ነው። ስደውል የመቀመጫ ጨርቅ ከገበያ ጠፋ ይለኛል። ውላችን አንድ ገጽ ነው፤ ስለ ቅጣት የሚል ነገር የለውም። ኅዳር 20 ልከፍት ሰው ጠርቻለሁ። ሰውየው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በሰላሙ ጊዜ ጋሼ ነው የምለው። ትናንት ሌሊት ይህን ጽፌ በቴሌግራም ልልክለት ስል ባለቤቴ ስልኬን ቀማኝ፦

‹አንተ ሰውዬ ሞኝ አደረግከኝ? ወር ሙሉ ነገ ዛሬ እያልክ ታሾፍብኛለህ። አንድም ነገር አላመጣህም። 160 ሺህ ብሬን በልተህ ቁጭ ብለሃል። ሌባ ነህ! ዛሬ ካላመጣህ በቀን 5 ሺህ ብር ቅጣት ትከፍላለህ፣ በቲክቶክም አወጣሃለሁ። ካልሆነ ቀብዴን መልስልኝና ከዓይኔ ጥፋ። እግዚአብሔር ይፍረድህ!›

እንዴት አድርጌ ላስተካክለው? ለስለስ ካልኩ ደግሞ ጭራሽ የሚረሳኝ ይመስለኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ባለቤትሽ ስልኩን የቀማሽ በሰዓቱ ነው። ረቂቁን ግን አታጥፊው። ንዴትሽ ውስጥ ጥሩ ደብዳቤ አለ፤ ፈልቅቀን እናወጣዋለን።

እኔ ግዢ ክፍል ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አቅራቢ የማሸጊያ ካርቶን አዘገየብን። ተናድጄ «ቃላችሁን የማታውቁ ሰዎች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አታለላችሁን» ብዬ ጻፍኩ። የዘገየው 12 ቀን ነበር። መልሱ በማግስቱ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጄ መጣ። «የዘገየው 12 ቀን እንጂ ሦስት ሳምንት አይደለም፤ ክብራችንም ተነክቷል፤ ይቅርታ እስክንጠየቅ ሥራውን አቁመናል» ይላል። ካርቶኑ መቼ እንደሚመጣ አንድ ቃል አልነበረበትም። ይቅርታውን ጠየቅኩ። ካርቶኑም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዣለሁ። ዕቃ ያዘገየ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ከውስጡ ለመመለስ የሚቀለውን ቃል ይመርጣል። ስድብ ካገኘ ለስድቡ መልስ ይሰጣል። የተጋነነ ቁጥር ካገኘ ቁጥሩን ያርማል። አንቺ የምትፈልጊው ግን የአንዱን ጥያቄ መልስ ብቻ ነው፤ ዕቃው መቼ ይደርሳል? ስለዚህ ደብዳቤሽ ውስጥ ከዚያ ሌላ የሚመለስ ነገር እንዳይኖር እናደርጋለን።

በመጀመሪያ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ 16ቱ ወንበር ሲመጡ የተፈረመውን ወረቀትና የቴሌግራም መልእክቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ አውጪያቸው። ከዚያ ረቂቅሽን ከእነሱ ጋር አስተያዪው።

«ወር ሙሉ» ብለሻል። ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 15 ቀን ነው። «አንድም ነገር አላመጣህም» ብለሻል። 16 ወንበር ገብቷል። «160 ሺህ ብሬን በልተህ» ብለሻል። የ16ቱ ወንበር ዋጋ 80,000 ብር ነው። ስለዚህ ዕቃ ሳይመጣበት እሱ ጋ ያለው ገንዘብሽ 80,000 ብር ነው። ይሄ ትንሽ ገንዘብ ነው እያልኩሽ አይደለም። 15 ቀንም፣ 80,000 ብርም፣ ያልመጡ 24 ወንበርና 10 ጠረጴዛም ከበቂ በላይ ናቸው። እውነቱ ብቻውን ይከብዳል። ስትጨምሪበት ግን የሚይዘው ቀዳዳ ትሰጪዋለሽ።

ቁጥሩን ስንቆጥር ሌላም ነገር ወጣ። ረቂቅሽ ስለ ጠረጴዛዎቹ አንድም ቃል አይልም። ሰውየው የሚያቀርበው ምክንያት የመቀመጫ ጨርቅ ነው። ጠረጴዛ ደግሞ ጨርቅ የለውም! ታዲያ 10ሩ ጠረጴዛ ለምን ዘገየ? ይህ ጥያቄ ከአሥር ስድብ ይበልጣል። ንዴቱ ሸፍኖብሽ ነው ያላየሽው።

አሁን ስድቡንና ማስፈራሪያውን እንይ። ማዘግየት ስርቆት አይደለም። «ሌባ» የሚለው ቃል በጽሑፍ እጁ ከገባ ስድብና ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃልና እሱ ከሳሽ፣ አንቺ ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። የቲክቶኩም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ለማስከፈል «ስምህን አወጣለሁ» ብሎ መጻፍ ራሱን የቻለ ጣጣ ያመጣል። በቀን 5 ሺህ ብር የሚለው ደግሞ ውላችሁ ውስጥ የለም። ቅጣት የሚጠየቀው አስቀድማችሁ ከተስማማችሁበት ነው። ካልተስማማችሁ የምትጠይቂው በእርግጥ የደረሰብሽን ኪሳራ ነው፤ እሱም ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ የኪራይ ደረሰኝሽንና ከመክፈቻው ጋር የተያያዘ ወጪ ካለ ወረቀቱን ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ።

ከረቂቁ ሁሉ ግን በጣም ያስደነገጠኝ «ቀብዴን መልስልኝ» የሚለው ነው። በአፍ ሁላችንም በቅድሚያ የተከፈለን ገንዘብ ቀብድ እንላለን። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ቀብድ የራሱ ትርጉም አለው። ቁጥር 1885 ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል ይላል። የተቀበለው ሰው ደግሞ ማፍረስ ከፈለገ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ አንቺ በጽሑፍ «ቀብዴን መልስና ጥፋ» ስትዪ ውሉን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ፣ ገንዘቡም ቀብድ ነው ተብሎ ሊተረጎምብሽ ይችላል። ውልሽን አውጥተሽ እይው። «ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ከሆነ በደብዳቤሽም «ቅድሚያ ክፍያ» በዪ። «ቀብድ» የሚል ከሆነ ገንዘቡን በተመለከተ ማንኛውንም ነገር ከመጻፍሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህቺን ቃል ግን ብዙ ሰው ሲከፍልባት አይቻለሁ።

«ዛሬ ካላመጣህ» የሚለውም ይወጣል። 24 ወንበር በአንድ ቀን እንደማይሠራ አንቺም እሱም ታውቃላችሁ። የማይቻል ቀን ከሰጠሽው እንደ ቀን አይቆጥረውም። በዚህ ላይ ሕጉ ራሱ የሚለው አለ። በቁጥር 1772 መሠረት አንድ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብለሽ መብትሽን ለመጠየቅ በመርህ ደረጃ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። በቁጥር 1774 ደግሞ በዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ «ከዚህ ቀን በኋላ አልቀበልም» ብለሽ የጊዜ ገደብ መወሰን ትችያለሽ፤ ጊዜው ግን ለነገሩ ተገቢ መሆን አለበት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከቁጣሽ ማስተንፈሻነት አውጥተሽ እንደ ማስጠንቀቂያ ተመልከቺው። ነገሩ ወደ ከፋ ከሄደ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ታዲያ የትኛውን ቀን እንስጠው? ወደ ኋላ እየቆጠርሽ ነይ። ቅዳሜ ኅዳር 20 ትከፍቻለሽ። እሱ ካልሆነለት ዝግጁ ወንበር ከገበያ ለመግዛትና ለማጓጓዝ አንድ አራት አምስት ቀን ትፈልጊያለሽ። ስለዚህ የወንበሩ የመጨረሻ ቀን ሰኞ ኅዳር 15 ይሁን። ጠረጴዛው ጨርቅ አይጠብቅም፤ ረቡዕ ኅዳር 10 ይምጣ። መልሱን ደግሞ ሰኞ ኅዳር 8 ትፈልጊያለሽ። የመልስ ቀን ለብቻው መያዙ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰኞ ዝም ካለሽ እስከ 15 ሳትጠብቂ ሌላ ቦታ መጠየቅ ትጀምሪያለሽ።

ጠረጴዛውን ያስቀደምኩት ለሌላም ምክንያት ነው። 10ሩ ጠረጴዛ 120,000 ብር ያወጣል። እሱ ከገባ ከ16ቱ ወንበር ጋር የ200,000 ብር ዕቃ እጅሽ ላይ አለ ማለት ነው። የከፈልሽው 160,000 ነው። ያን ጊዜ 40,000 ብር የሚጠብቀው እሱ ይሆናል። አሁን የምትለማመጪው አንቺ ነሽ፤ ጠረጴዛው የገባ ዕለት ነገሩ ይገለበጣል። ለዚህም ነው ደብዳቤው ውስጥ «80,000 ብር መልሱ» ብለን የማንጽፈው። ጠረጴዛው መጥቶ ወንበሩ ቢቀር የሚመለስልሽ ገንዘብ የለም። «በተረከብነው ዕቃ ልክ ሒሳቡ ይዘጋል» ብንል በሁሉም መንገድ ያስኬደናል።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ሰውየውን ጋሼ ስትዪው ከርመሽ ድንገት «አንተ ሰውዬ» ካልሽው ሌላ ስድብ አያስፈልገውም፤ እሱ ራሱ ስድብ ነው። በሌላ በኩል በ«እርስዎ» ከጻፍሽ ጋሼ እያልሽ የምታባብዪው ይመስላል፤ «ይህን አላደረጉም» ማለትም ላንቺ ይከብድሻል። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው መንገድ ለድርጅቱ መጻፍ ነው። «ድርጅታችሁ»፣ «እንድታስረክቡን» እያልሽ በ«እናንተ» ጻፊ። አንቺም «እኛ» ሁኚ፤ ምግብ ቤቱ ነሽ። ያኔ ጋሼ ጋሼነታቸው እንዳለ ይቀራል። በስልክ ስታገኚያቸውም እንደ ድሮው ታናግሪያቸዋለሽ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ውል ያለባቸው ሁለት ድርጅቶች ናችሁ።

ግሡንም ልብ በዪ። «አላመጣህም» ጣት ይቀስራል። «አልደረሱንም» ያው እውነት ነው፤ ጠቡን ግን አውጥቶታል። የጎደለውን ስትናገሪ እንዲህ ተናገሪ። የምትፈልጊውን ስትናገሪ ግን አድራጊው ይታወቅ፦ «እንድታስረክቡን እንጠይቃለን»። «ርክክቡ እንዲፈጸም ቢደረግ» ካልሽ ማን ያድርገው?

ለስለስ ካልኩ ይረሳኛል ያልሽው ስጋት ትክክል ነው። ከንዴት የሚሸሽ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ልመና ላይ ነው። ረቂቁን ለጓደኛሽ ብትሰጪያት ምናልባት እንዲህ አድርጋ ትመልስልሻለች፦ «በተቻላችሁ መጠን ቀሪው ዕቃ በአስቸኳይ እንዲደርሰን በታላቅ ትሕትና እየጠየቅን፣ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።» የቢሮ አማርኛ ስለሆነ ያማረ ይመስላል። ግን ቀን የለውም። «በተቻላችሁ መጠን» አለመቻልን ፈቅዶለታል። «በአስቸኳይ» ላንቺ ነገ ነው፤ ለእሱ በሚቀጥለው ወር። በጣም የማልወደው «ለሚደረግልን ትብብር» የሚለው ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃ ትብብር አይደለም፣ ግዴታ ነው። ጨዋነት ስድብ አለመኖሩ፣ ቁጥሩ እውነት መሆኑና የእሱም ችግር መሰማቱ ነው። ልመና ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን የምልከው ይህን ነው፦

ቀን፦ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ (የድርጅቱ ስም)

ጉዳዩ፦ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት ያልተረከብናቸውን 24 ወንበሮችና 10 ጠረጴዛዎች ይመለከታል

በዚህ ውል ድርጅታችሁ 40 ወንበርና 10 ጠረጴዛ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ሊያስረክበን ተስማምተናል። እኛም ከጠቅላላው ዋጋ 320,000 ብር ውስጥ 160,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ በዕለቱ ከፍለናል።

እስከዛሬ የተረከብነው ጥቅምት 27 ቀን የደረሱንን 16 ወንበሮች ነው። ሥራቸው ጥሩ ነው። ቀሪዎቹ 24 ወንበሮችና 10ሩ ጠረጴዛዎች አልደረሱንም። የማስረከቢያው ቀን ካለፈ ዛሬ 15 ቀን ሆኖታል። በስልክ የነገራችሁን ምክንያት የመቀመጫ ጨርቅ እጥረት ነው። ይህ ጠረጴዛዎቹን አይመለከትም።

ምግብ ቤታችን ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ጠረጴዛዎቹን እስከ ረቡዕ ኅዳር 10፣ ወንበሮቹን እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ፣ ቀደም ሲል በመጡት ወንበሮች ጥራት፣ ምግብ ቤታችን ድረስ አምጥታችሁ እንድታስረክቡን እንጠይቃለን። በእነዚህ ቀናት የምታስረክቡ መሆኑን እስከ ሰኞ ኅዳር 8 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ አሳውቁን። የተስማማንበት ጨርቅ የማይገኝ ከሆነ በእጃችሁ ያለውን ሌላ ቀለም ናሙና በዚሁ ቀን ላኩልን፤ በዕለቱ መልስ እንሰጣለን።

ርክክቡ ሲጠናቀቅ ቀሪውን 160,000 ብር በዕለቱ እንከፍላለን። ከኅዳር 15 ቀን በኋላ የሚመጣ ዕቃ ግን አንቀበልም። የጎደለውን ከሌላ ቦታ እንገዛለን፤ ሒሳቡ በተረከብነው ዕቃ ልክ ይዘጋል፤ ተመላሽ ገንዘብ ካለ እሱንና በመዘግየቱ የደረሰብንን ኪሳራ በሕግ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

እስኪ ከረቂቅሽ ጋር አስተያዪው። ከመጀመሪያው የቀረ አንድም ቅሬታ የለም። መዘግየቱ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ሰበቡ አለ፣ ሕጉም አለ። ጠረጴዛውም ተጨምሯል። የወጣው ስድቡ፣ የተጋነነው ቁጥርና የማትፈጽሚው ዛቻ ነው።

«ሥራቸው ጥሩ ነው» ያልኩት ለማሞገስ አይደለም። እውነት ካልሆነ አውጪው። እውነት ከሆነ ግን ሁለት ሥራ ይሠራልሻል። ሰውየው ደብዳቤውን ሲያነብ ፊቱ ይፈታል፤ ቀሪዎቹ ደግሞ በጥድፊያ ተሠርተው እግራቸው የሚወዛወዝ ሆነው እንዳይመጡ መለኪያ ታስቀምጫለሽ። የጨርቁ ቀለም የገባውም እንዲሁ ነው። ችግሩ በእርግጥ ጨርቅ ከሆነ መውጫ በር ሰጥተሽዋል። ችግሩ ሌላ ከሆነ ናሙናው አይመጣም፤ ያኔ ታውቂያለሽ። ከልምዴ ስናገር፣ እንዲህ ያለ መዘግየት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያንቺ ቅድሚያ ክፍያ የሌላ ሰው ሥራ ላይ ስለዋለ ነው። ለዚህ ነው ቀሪውን ገንዘብ በዕለቱ እንደምትከፍዪ መጻፍሽ ከዛቻው በላይ የሚሠራው። የእሱም ቀን ተቆጥሯል፣ የእሱም ገንዘብ እየጠበቀው ነው።

የሕግ ቁጥሮቹን ደብዳቤው ውስጥ አላስገባሁም። አንቀጽ ከጠቀስሽ ሰውየው ወንበር መሥራቱን ትቶ ጠበቃ ፍለጋ ይሄዳል። አሁን የምትፈልጊው ወንበሩን ነው። «አንቀበልም» የሚለውን ግን ከልብሽ ካልሆነ አትጻፊው። ኅዳር 17 ይዞ ቢመጣ እውነት ትመልሺዋለሽ? የማትመልሺው ከሆነ ያ ሐረግ ይውጣና «የጎደለውን ከሌላ ቦታ እንገዛለን» የሚለው ብቻውን ይቁም። የማትፈጽሚውን ቀን አንድ ጊዜ ካለፍሽው ሁለተኛውን የሚሰማሽ የለም።

አላላኩ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰው ቻት ውስጥ አንዱ ወገን መልእክትን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። አንቺ የላክሽውን እሱ ሊያጠፋው ይችላል፤ እሱ «ጥቅምት 28 ይደርሳል» ብሎ የጻፈልሽንም እንዲሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት የእስካሁኑን ቻት ቀኑ እየታየ ፎቶ አንሺና ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ከዚያ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትመሽ ፈርመሽ ሰው ላኪ። አንዱን ይስጥ፤ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» ተብሎ ስም፣ ቀንና ፊርማ ይጻፍበትና ይመለስ። ቴሌግራሙ ላይ የወረቀቱን ፎቶ ላኪ እንጂ ጽሑፉን እንደ ተራ መልእክት አትበትኚው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ከሰዓት በፊት ይድረስ። አብዛኛው የእንጨት ሥራ ቤት ቅዳሜ ይሠራል፤ ሁለት ቀን ታተርፊያለሽ።

ከመላክሽ በፊት ደግሞ ደውዪላቸው። ወረቀት ሳይነገረው ድንገት የደረሰው ሰው «ሳትነግረኝ ልትከሰኝ ነው» ይላል። እንዲህ በዪ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የቀሩት ዕቃዎች ቀናቸው በጽሑፍ እንዲያዝ ብዬ አንድ ደብዳቤ ልልክልዎ ነው። እስከ ሰኞ መልሱን እጠብቃለሁ።» በቃ። ስልኩ ላይ ስለ ጨርቅ ክርክር አትግቢ። «ሁሉንም ደብዳቤው ላይ ጽፌዋለሁ» በዪና ዝጊ።

መልሱ በስልክ ከመጣ፣ «እሺ ልጄ ማክሰኞ ይመጣልሻል» ካሉሽ፣ ዘግተሽ ወዲያው ጻፊ፦ «ዛሬ በስልክ እንደነገሩን 10ሩ ጠረጴዛ ማክሰኞ ኅዳር 9 ይደርሰናል። እየጠበቅን ነው።» የቃል «እሺ» እንዲህ ነው ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው። ዕቃ ተወደደ፣ ዋጋ ይጨመርልኝ ካሉ ደግሞ አትደንግጪ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1794 መሠረት የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይባልም፤ በውላችሁ የተለየ ነገር ካልተጻፈ በቀር። መልስሽ አጭር ይሁን፦ «ዋጋው በውሉ የተወሰነው ነው። ኅዳር 10ን እየጠበቅን ነው።» ተናድደው ቢጽፉልሽም ከውስጡ ቀን የሚናገረውን ብቻ ፈልገሽ ለእሱ ብቻ መልሺ። ለቀረው መልስ የለሽም።

ሰኞ 10 ሰዓት ዝም ካሉ ማክሰኞ ጠዋት ገበያ ውጪና የዝግጁ ወንበር ዋጋ በጽሑፍ ከሁለት ቦታ ተቀበዪ። ዋጋው ከ5,000 ከበለጠ ልዩነቱን በኋላ የምትጠይቂው በእነዚያ ወረቀቶች ነው።

የመጣ ዕለት ደግሞ ሾፌሩ ቸኩሎ የሚያስፈርምሽን ወረቀት አንብቢው። ጠረጴዛው ብቻ መጥቶ ወረቀቱ «ዕቃው ተጠናቆ ተረክቤያለሁ» የሚል ከሆነ እንዳትፈርሚ። ቆጥረሽ፣ አንድ በአንድ አገላብጠሽ አይተሽ፣ በእጅሽ «10 ጠረጴዛ ተረክቤያለሁ፤ 24 ወንበር ይቀራል» ብለሽ ጽፈሽበት ፈርሚ።